ከአሥር ሰከንድ አይብለጥ

ይህን ነገር ከሥር እስከ ጫፉ ለማንም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም፤ ለእሳቸውማ በምን አፌ! የንስሐ አባቴ መምሬ አላምረው ናቸው። መምሬ ደግሞ የአስማረ አባት ናቸው። አስማረን በተመረቀበት ሰሞን፣ በገዛ አባቱ ግቢ፣ በፋስ ያስመታሁት እኔ ነኝ። ፋሱን የጨበጠው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ታስሯል። እኔ ግን ወረታ ላይ ሱቄን ከፍቼ፣ ለሰው ሚሞሪ ዘፈን እየጫንሁ፣ ጉርድ ፎቶ እያነሣሁ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ምሳዬን እየበላሁ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የማላውቅዎትን እርስዎን እንደ ንስሐ አባት ቆጥሬ እናገራለሁ። ብቻ ቶሎ «እግዚአብሔር ይፍታህ» እንዳይሉኝ። መጀመሪያ ይስሙኝ።

ሙላት እባላለሁ። አስማረና እኔ የአንድ መንደር ልጆች ነን፤ ፎገራ ሜዳው ላይ፣ ከርብ ወንዝ ወዲህ። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ወረታ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ኖረናል። ዓርብ ዓርብ ስንቅ ልናመጣ ወደ መንደር እንወርድ ነበር። እሱ የቄስ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሒሳብ የሚችል። እኔ አፈኛ ነበርሁ። ዱላም አላጣም ነበር።

ሩዝ ታጭዶ ሲያልቅ ከብቱ ገለባው ላይ ይለቀቃል። የእኛና የወንዙ ማዶ ልጆች በየዓመቱ «የማን ከብት ይቅደም» ተባብለን እንጣላለን። አብዛኛውን ጊዜ ጠቡ ስድብ ነው፤ አንዳንዴ ድንጋይ ነው። ወረታ ስንማር አንድ ዓመት ግን በገና ሰሞን ዱላ ለዱላ ተያያዝን። አቧራው ሰውን ከሰው አላስለይ ብሎ ነበር። ምንይችል የሚባል የማዶ ልጅ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አስማረን ጎትቶ ከወንዙ ዳር ካለው ኩሬ ከተተው፤ ጀርባው ላይ ተቀመጠና ራሱን ጭቃ ውስጥ ደፈቀው። የአስማረ እግሮች ሲንፈራገጡ አየሁ። ከዚያ መንፈራገጣቸው እየቀነሰ ሲሄድ አየሁ።

ከኋላ ደርሼ ምንይችልን ማጅራቱን በሽመል መታሁት።

ይህን አልጸጸትበትም፤ ወይም እጸጸትበትና መልሼ እመታው ነበር እላለሁ። ምንይችል አስማረን ለቀቀው። አስማረ እየዳኸ ወጣ፣ ጭቃ ውሃ ያስመልሰው ጀመር። ዓይኑን ጭቃ ሞልቶት ነበር፤ ምንም አያይም። ምንይችል በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ እጆቹን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ነበር። «በቃ» አለ። በደንብ ሰምቼዋለሁ። ጮኾ አይደለም፤ የደከመው ሰው እንደሚናገረው ነው ያለው። «በቃ»።

ደግሜ መታሁት።

ለምን? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ከራሴ ጋር ይዤዋለሁ። አስማረ ወጥቶ ነበር። ጠላቴ ተንበርክኮ ነበር። በቃ ብሎኝ ነበር። የፈራሁት ነገር አልነበረም። ክንዴ ሞቆ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱ ይህ ነው። ሁለተኛው ምት ደረቅ ቅል ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አሰማ። ሽመሌም ከመካከሉ ተሰነጠቀ። ምንይችል በፊቱ ተደፋና ሁለተኛ ቃል ሳይናገር በሳምንቱ ሞተ።

ማንም አላየኝም። አስማረ እንኳ ያወቀው ዓይኑን ጠርጎ ቀና ሲል፣ የተሰነጠቀ ሽመል ይዤ ቆሜ ስላገኘኝ ነው። «አተረፍኸኝ» አለኝ። ስለ ሁለተኛው አልነገርሁትም። እንዳዳንሁት ብቻ አውቆ ቀረ።

ፖሊስ መጥቶ ጠየቀ፤ ሁሉም «አላየሁም» አለ። ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት የሁለቱም ወገን ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ይሰበሰብና፣ አንድ በአንድ እየተነሣ የሚያውቀውን በመሐላ ይናገራል፤ የማያውቅም አለማወቁን ይምላል። መስቀሉን የያዙት መምሬ አላምረው ነበሩ። አስማረ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። አባቱ የያዙትን መስቀል ስሞ፣ በአባቱ ፊት፣ «ማን እንደመታው አላየሁም፣ አላወቅሁም» አለ። ስለ እኔ ነው የማለው። የቄስ ልጅ ነውኮ፤ ያ መሐላ ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ቀጥዬ እኔ ሳምሁ፤ የእኔ ድምፅ ተንቀጠቀጠ፣ ሰው ሐዘን መሰለው።

የገዳዩ እጅ ስላልታወቀ መንደሩ በሙሉ ካሳ ከፍሎ ዕርቅ ወረደ። የምንይችል ወንድም ደሳለኝ ቆሞ የተናገረውን ሁላችንም ሰምተናል፤ «እጁ ያልታወቀ ስለሆነ ከአገሩ ጋር ታርቄአለሁ፤ አብሬያችሁ እበላለሁ፣ አብሬያችሁ እጠጣለሁ። እጁ የታወቀ ዕለት ግን ዕርቁ ያን ሰው አይጨምርም።» ሽማግሌዎቹም ተቀበሉት። ይህን ልብ ይበሉልኝ። እኔ ይህን በደንብ አውቅ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አስማረ ፈተናውን አልፎ ነርስነት ሊማር ሄደ። እኔ ወደቅሁና ሱቅ ከፈትሁ። የሠርግ ቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበር ለመድሁ። መጀመሪያ በወር፣ ቆይቶ በሁለት ወር እየደወለ ያጫውተኝ ነበር። «ሞት ያየሁት አብሬህ ነው፣ ሕይወትም የማየው አብሬህ ነው» ይለኛል። እኔ ስልኩን ስዘጋ እቀና ነበር። በእኔ ሽመል የተረፈ ሰው ነጭ ልብስ ሊለብስ ነው፤ እኔ የሰው ዘፈን እየገለበጥሁ ልቀር ነው እያልሁ።

አስማረ ሊመረቅ ወራት ሲቀሩት ደሳለኝ ሱቄ መጣ። ሚሞሪው ላይ ዘፈን እስክጭንለት መደርደሪያውን ተደግፎ ቆሞ፣ «አንት ሙላት፣ ያን ጊዜ ሽመልህ ተሰነጠቀ አሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ።

«ማነው ያለህ?»

«ሰው ነዋ።»

«ስንት ሽመል ተሰበረ በዚያ ቀን!» አልሁ፤ ሳቅሁም። እሱ አልሳቀም። ሚሞሪውን ተቀብሎ፣ ስልኩ ውስጥ ከትቶ፣ ዘፈኑን እዚያው ከፍቶ አዳመጠና ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በሱቄ በር ጥላ ባጠላ ቁጥር ሥራዬን ትቼ ቀና ብዬ አያለሁ።

የቪዲዮውን ሐሳብ ያመጣችው ሰብለ ናት። የክፍል ጓደኛችን ነበረች፤ አሁን ይፋግ ታስተምራለች። «ለአስማረ ምርቃት እያንዳንዳችን አንዳንድ ቃል ብለን ቪዲዮ እናድርግለት፤ አንተ ታውቅበታለህ» አለችኝ። ወረታ ስንማር ጎረቤታችን ተከራይቶ የነበረው ታደሰም ከአንበሳሜ «ጥሩ ነው» አለ። ሌሎችም ከያሉበት ገቡበት። የቴሌግራም ቡድን ከፈትሁና እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤

«ስልኩን አግድም ያዙት። ፊታችሁን ወደ ብርሃን፣ ጀርባችሁን ወደ ግድግዳ አድርጉ። ሜዳ ላይ አትቅረጹ፣ ንፋሱ ድምፅ ይበላል። ከመናገራችሁ በፊትና ከተናገራችሁ በኋላ ትንሽ ዝም በሉ፣ ለመቁረጥ ይመቸኛል። ስማችሁን አስቀድሙ፤ ከዚያ አንድ ትዝታ፣ ከዚያ አንድ ምርቃት። ከአሥር ሰከንድ አይብለጥ። ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ ጥራቱ እንዳይወርድ።»

ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም የሚለው ይጠፋዋል። «በሕይወትህ ሁሉ የተሳካ ይሁንልህ» ብሎ ይጨርሳል፤ ያ ለማንም ይባላል። የሚያስቀውም የሚያስለቅሰውም የራስ ትዝታ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃሉን እኔ ጻፍሁለት። ትዝታውን በስልክ እጠይቅና አሳጥሬ፣ አፍ እንዲሞላ አድርጌ፣ ጮክ ብዬ በስልኬ ሰዓት እየለካሁ እልክለታለሁ። ለሰብለ የጻፍሁላት፣ «ሰብለ ነኝ። ሒሳብ ስታስረዳኝ ጠመኔው እጅህ ላይ አልቆ በጥፍርህ ትጽፍ ነበር። እንኳን ለዚህ አበቃህ፤ መርፌ ስትወጋ ግን ቀስ በል!» የሚል ነው። ሦስቴ አስደግሜአታለሁ፤ መጨረሻው ላይ ሳቅ ያመልጣታል። የሳቀችበትን አስቀረሁት፣ እሱ ይሻላል። ኔትወርኩ እንቢ ስላላት ሚሞሪዋን በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላከችልኝ። የታደሰ ደግሞ፣ «ታደሰ ነኝ፣ ከአንበሳሜ። ከስንቅህ በሶ የሚጎድለው በአይጥ አልነበረም፣ በእኔ ነበር፤ ዛሬ አመንሁ። እንኳን ደስ አለህ!» የሚል። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ እውነት የተናዘዘ ታደሰ ብቻ ነው።

የእኔን መጨረሻ ላይ ጻፍሁት። መጀመሪያ የጻፍሁት፣ «ሙላት ነኝ። አንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት አድገናል፤ ሁልጊዜ ለእኔ የምትተወው አንተ ነበርህ። እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድሜ» የሚል ነበር። ጥሩ ነበር። እውነትም ነበር። ሰረዝሁት።

ሰርዤ ምን ጻፍሁ? ይኸው፤ «ሙላት ነኝ። ርብ ዳር ኩሬ ውስጥ ሲያፍነኝ፣ በሽመልህ ያተረፍኸኝን እስክሞት አልረሳም። ጀግናዬ፣ እንኳን ደስ አለህ!»

ገለበጥሁት። የታፈነውን መቺ፣ መቺውን የታፈነ አደረግሁት። ምንይችል የተመታው እዚያው ኩሬ ዳር እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ወደ ውሃው ገባሁ፣ ሽመሌን ለአስማረ ሰጠሁት። ደሳለኝ ድግሱ ላይ እንደሚገኝ አውቅ ነበር፤ የታረቀ ሰው ነው፣ ሳይጠራ አይቀርም። እጁ ከታወቀ ዕርቁ እንደማይሠራም አውቅ ነበር። ታዲያ ምን አስቤ ነው? ለራሴ ያልሁትን ልንገርዎት። «ወሬው ከእኔ ላይ ይነሣል። አስማረ የተማረ ነው፣ የቄስ ልጅ ነው፣ ደፍሮ የሚነካው የለም። ከተመረቀም በኋላ ሩቅ አገር ተመድቦ ይሄዳል። ደግሞስ ማመስገን አይደል? ጀግና ማለት ክፋት አለው?» አልሁ። ሲጻፍ እንዲህ ያምራል። ያን መስመር የሱቄን በር ዘግቼ ለብቻዬ ቀረጽሁት። አንዴ ብቻ ነው የቀረጽሁት። ፈገግ ብያለሁ። ለቡድኑም አስቀድሜ አላሳየሁም።

እርስዎ «ምናልባት ሳያስብ ነው» እንዳይሉልኝ ሌላም ልጨምር። ቪዲዮ ሲቀናበር ሙዚቃው ከሥር ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ሰው ሲናገር የበለጠ ዝቅ ይደረጋል። የእኔ ተራ ሲደርስ ሙዚቃውን ጨርሼ አጠፋሁት። ለሁሉም ከሥር ትንንሽ ጽሑፍ አድርጌ ነበር፣ ሐምሌ ነውና ዝናቡ ሸራው ላይ ሲወርድ ድምፅ አይሰማም ብዬ። የእኔን ጽሑፍ ከሌሎቹ አተለቅሁት። መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አላደረግሁትም፤ ሰው ስቆ ስቆ ልቡ በተከፈተበት፣ ከታደሰ ቀጥሎ አስገባሁት። ሙያዬን በሙሉ ተጠቅሜበታለሁ።

የሰኔ ጾም ከተፈታ በኋላ በመጣው እሑድ መምሬ ደገሱ። ግቢው ላይ ሸራ ተወጠረ። በሬ ታርዶ ሥጋው ከዳሱ ጥግ ተሰቅሏል፤ አጥንት የሚሰብሩበት ፋስ ግንዱ ላይ ተሰክቷል። ቴሌቪዥኑን፣ ድምፅ ማጉያውንና ጄነሬተሩን ከሱቄ ጭኜ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ቪዲዮው ያለበትን ፍላሽ ቀደም ብዬ ሞክሬዋለሁ። አስማረ ጥቁር ጋውኑን ለብሶ፣ የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ አድርጎ መካከል ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሥቶ አቀፈኝ። «ምንድን ነው የደበቅኸኝ? ሰብለ አንድ ነገር አለ አለችኝ» አለ። ልጅ ሆኖ ነበር። ደሳለኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁርጥ እየበላ ነበር።

ሪሞቱን ተጫንሁ። መጀመሪያ የአስማረ የድሮ ፎቶዎች መጡ። ቀጥሎ ሰብለ፤ ሰው ሳቀ። ሌሎቹ። ታደሰ፤ መምሬ ሳይቀሩ ከት ብለው ሳቁ፣ «አይጡን እንዲያው በከንቱ ረግሜ!» አሉ። ከዚያ እኔ ብቅ አልሁ። ሙዚቃው ቆመ። «...በሽመልህ ያተረፍኸኝን...»

ሳቁ ከጥግ ጀምሮ እየበረደ መጣ። አስማረ ወደ ቴሌቪዥኑ አላየም፤ ወደ እኔ ዞረ። ያ ፊት! ቁጣ አልነበረውም። ያልገባው ሰው ፊት ነበር። አፉን ከፈተ። «አይደለም፣ እኔ አይደለሁም» ቢል ይተርፍ ነበር። ግን «እኔ አይደለሁም» ካለ ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ ማነው?» ነው። ምሎልኛል። አፉን መልሶ ዘጋው። እኔ ደግሞ ሪሞቱን እንደያዝሁ ቆሜ ነበር።

ደሳለኝ ቁራሹን ትሪው ላይ አስቀመጠ። ተነሣ። እጁን የሚታጠብ መስሎን ነበር፤ ወደ ጥጉ ሄዶ ፋሱን ከግንዱ ነቀለው። አስማረ ሲዞር ፋሱ እየወረደ ነበር። ቀኝ እጁን አነሣ። ፋሱ እጁን ከአንጓው በላይ ቆርጦ በጋውኑ እጅጌ ላይ ብቻ አንጠለጠለው። ደሙ የአበባውን ጉንጉን፣ ትሪውን፣ የመምሬን ነጭ ጥምጥም ሸፈነው። ሁለተኛው በፋሱ ጀርባ ነበር፤ መንጋጋውን አገኘው። ጥርሱ እንጀራው ላይ ሲፈስ አየሁ። እናቱ በላዩ ወደቀችበት። ደሳለኝ «ወንድሜን የመታ እጅ! ወንድሜን የመታ እጅ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ እሷን ላለመምታት ይሁን ደክሞት ይሁን፣ ቆመ።

የቆመውን ደሳለኝን መጀመሪያ የመታው ማን ነው? እኔ ነኝ። የዳሱን ቋሚ ነቅዬ ጉልበቱን መታሁት። ለአስማረ አዝኜ መስሎዎት ነው? እንዳይናገር ነው። «ሽመልህ ተሰነጠቀ አሉ» ያለኝን አፍ ልደፍነው ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ከእኔ ቀጥሎ ዘመተበት። በቋሚ፣ በዱላ፣ በወንበር፣ በእግር። ሁለት እግሮቹ ተሰበሩ። ሸራው ከነዝናቡ ውሃ ላያችን ላይ ተናደ። ሴቶች ይጮሃሉ፣ ልጆች በጭቃው ውስጥ ይሮጣሉ። ፍላሹ ላይ ሌላ ነገር ስላልነበረ ቴሌቪዥኑ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ሰብለ እንደገና ትስቃለች፣ ታደሰ እንደገና በሶውን ያምናል፣ እኔም እንደገና ፈገግ ብዬ «ጀግናዬ» እላለሁ። ጄነሬተሩን የሚያጠፋ ሰው አልተገኘም። እኔም አላጠፋሁትም።

አስማረ ባሕር ዳር ተወስዶ ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁ የለም። መንጋጋው ተጣሞ ተጋጠመ። ነርስ ሊሆን አልቻለም፤ በአንድ እጅ መርፌ የሚሞላ የለም። ደሳለኝ ተፈርዶበት እስር ቤት ውስጥ በምርኩዝ ይራመዳል። መምሬስ? መምሬ ልጃቸው ነፍስ አጥፍቶ፣ በገዛ እጃቸው በያዙት መስቀል በሐሰት እንደማለ አመኑ። የቪዲዮውን ቃል ሰምተዋል፤ ልጃቸውም አላስተባበለም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምእመኑ ፊት የምንይችል እናት እግር ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀድሰው አያውቁም። ልጅ ሆኜ ያጠመቁኝ፣ ያሳደጉኝ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። እኔ ውስጥ ገብቼ አስቀድሳለሁ።

አስማረን አባቱ ቤት ልጠይቅ የሄድሁ ዕለት ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቃሉ ከተጣመመው አፉ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው።

«የሁሉንም ቃል አንተ ነህ የጻፍኸው?» አለኝ።

«አዎ።»

«የራስህንም?»

«አዎ።»

ብርድ ልብሱን በግራ እጁ ወደ ደረቱ ሳበ። ከዚያ፣ «እኔ ምያለሁ፣ የማልሁትን አላፈርስም። ለአባቴ አንተ ንገረው» አለ። «እንደዚያ እያሰበ እንዳይሞትብኝ።»

እሺ አልሁት። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ብዬ ርብ ሁለት ክረምት ሜዳውን ሲያጥለቀልቅና ሲመለስ ዝም አልሁ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር አልልዎትም፤ ይህን ማለት ጥፋቴን ማካፈል ነው።

ባለፈው ሰሞን መምሬ ሱቄ መጡ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ «ልጄ፣ ያ ቪዲዮ አለህ?» አሉኝ።

«የትኛው፣ አባ?»

«የአስማረ። መጀመሪያው ላይ ፎቶዎች ነበሩበት። ሁለት እጅ እያለው ልየው ብዬ ነው።»

ከፈትሁላቸው። ምን ላድርግ? ፎቶዎቹን አዩ፣ እጁን በጣታቸው መስታወቱ ላይ ዳሰሱት። ልዘጋው ስል «ተወው፣ ይሂድ» አሉ። ሰብለ ሳቀች። ታደሰ በሶውን አመነ። እኔ ብቅ አልሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ ጉንጬን በመዳፋቸው ያዙና፣ «እኔኮ የምጽናናው በአንተ ነው። ልጄ ነፍስ አጥፍቷል፣ በመስቀል ዋሽቷል፤ ግን አንተን አትርፎልኛል። አንተን ሳይ እንኳን አለሁ እላለሁ» አሉኝ።

ከሄዱ በኋላ የሱቄን በር ዘጋሁ። ስልኩን አግድም አቆምሁት። ፊቴን ወደ ብርሃኑ፣ ጀርባዬን ወደ ግድግዳው አደረግሁ። ትንሽ ዝም አልሁ። «ሙላት ነኝ። ምንይችልን የመታሁት እኔ ነኝ፣ አስማረ አይደለም። እሱ ውሃ ውስጥ ሲታፈን የነበረው ነው። ስለ እኔ ማለ፤ እኔ አስቆረጥሁት» አልሁ። ትንሽ ዝም አልሁና አጠፋሁት። አሥር ሰከንድ አልሞላም። ምርቃት የለውም።

በነጋታው ወደ መንደር ወርጄ፣ አስማረ ባለበት፣ ስልኩን መምሬ እጅ ላይ አደረግሁት። በአፌ ልናገር ሞክሬ አቅቶኝ ነው። ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን አስጠግተው ሰሙ። ሲያልቅ «ድገመው» አሉ። ደገምሁት። አስማረ በግራ እጁ ፊቱን ሸፍኖ ነበር። «ድገመው» አሉ። ደገምሁት። በጥፊ ያጮሉኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ተነሥተው ከልጃቸው እግር ላይ ወደቁ። «ሳላምንህ ቀረሁ፣ ይቅር በለኝ» እያሉ አለቀሱ። በእኔ ምክንያት ሁለተኛ ሰው እግር ላይ ወደቁ። አስማረ በአንድ እጁ ሊያነሣቸው እየታገለ «ተው አባ፣ ተው» ይላል፤ እኔ ላግዘው አልደፈርሁም።

ቆይተው ቀና አሉና እንደ ንስሐ አባት ጠየቁኝ፤ «ልጄን ከሞት ለማውጣት መታኸው። ይህ ገብቶኛል። ስንት ጊዜ ነው የመታኸው?»

አስማረም እጁን ከፊቱ አንሥቶ አየኝ። እሱም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። መልሱ ቪዲዮው ውስጥ አልነበረም። ተነሥቼ ወጣሁ።

ልብሴን ቋጥሬአለሁ፤ ወደ ፖሊስ ልሄድ ነው። ደሳለኝ ያለበት ልግባ፣ እሱም ይወቀኝ። ይህን ጽሑፍ ለእርስዎ ለማላውቅዎት ብጀምረውም፣ ሳልሄድ ለአስማረ እተውለታለሁ፣ ለአባቱ ያንብብላቸው። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ለጥያቄያቸው መልስ ብቻ ነው ያለብኝ።

ሁለት ጊዜ ነው፣ አባ። የመጀመሪያው ለአስማረ ነበር። ሁለተኛውን የመታሁት «በቃ» ካለኝ በኋላ ነው።